የብሔራዊ ባንክ 15 በመቶና የቢቸናው ጤፍ ነጋዴ ብድር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥር ላይ ቢቸና ገበያ ውስጥ አንድ ጤፍ ነጋዴ አግኝቼ ነበር። በዕድሜ ይበልጠኛል፣ አያ እያልኩ ነው የምጠራው። «ሬዲዮው ወለድ 15 በመቶ ነው ይላል፣ ባንኩ 18 ይለኛል፣ 18ቱን እሺ ብዬ ስፈርም ደግሞ ገንዘቡ የለም ይለኛል። የትኛውን ልመን?» አለኝ። ሦስቱም እውነት ነው ብዬ ስመልስለት ተናደደ። ደብረ ማርቆስም፣ ደጀንም፣ ቡሬም ይሄው ጥያቄ ስለሚገጥመኝ መልሱን እዚህ ሰብሰብ አድርጌ ጽፌዋለሁ።

15 በመቶው የማን ወለድ ነው? እኔ በሱ መበደር እችላለሁ?

አትችሉም። እሱ በብሔራዊ ባንክና በንግድ ባንኮች መካከል ያለ ዋጋ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት ብሔራዊ ባንክ የገንዘቡን መጠን በቀጥታ ለመያዝ ነበር የሚሞክረው። በዚያ ወር አሠራሩን ቀየረና የፖሊሲ ወለድ የሚባለውን 15 በመቶ አወጀ። በ2017 ዓ.ም. የገንዘብ ፖሊሲ ኮሚቴው በየሩብ ዓመቱ ሲሰበሰብም እዚያው 15 ላይ አቆየው።

እያንዳንዱ ባንክ ብሔራዊ ባንክ ዘንድ ሒሳብ አለው። እናንተ ባንክ ውስጥ ደብተር እንዳላችሁ ማለት ነው። አንዱ ባንክ ለሌላው የሚከፍለው፣ ለመጠባበቂያ የሚያስቀምጠው፣ ጥሬ ገንዘብ ሲያስፈልገው የሚያወጣው ከዚያ ሒሳብ ነው። 15 በመቶው የዚያ ሒሳብ ገንዘብ ዋጋ ነው። የእናንተ ብድር ዋጋ ከዚያ ተነስቶ ብዙ መንገድ ተጉዞ ነው የሚመጣው።

ታዲያ ባንኮቹ በ15 እንዲሠሩ የሚያደርጋቸው ምንድን ነው?

ጨረታና ሁለት በሮች።

ከጨረታው እንጀምር። ብሔራዊ ባንክ በየሁለት ሳምንቱ ባንኮችን ይጠራል። ገበያው ላይ ገንዘብ በዝቷል ብሎ ካሰበ «ትርፍ ያላችሁ አምጡ፣ ለሁለት ሳምንት ላስቀምጥላችሁ» ይላል። አንድ ባንክ 100 ሚሊዮን ብር በ15 በመቶ ለ14 ቀን ቢሰጥ፣ 100 ሚሊዮን ሲባዛ በ15 በመቶ፣ ሲባዛ በ14፣ ሲካፈል ለ365 ነው። ወደ 575 ሺህ ብር ያገኛል። ያለ ምንም ሥጋት። መያዣ መገመት የለ፣ ተበዳሪ ማሳደድ የለ። እንዲህ ያለ ነገር እጁ ላይ እያለ ለሌላ ባንክ በ10 በመቶ የሚያበድር የለም። ገንዘቡ ካነሰ ደግሞ ጨረታው ይገለበጥና ብሔራዊ ባንክ አበዳሪ ይሆናል።

ሁለቱ በሮች ለአንድ ቀን ናቸው። ከጨረታው ቀን ውጭ ገንዘብ የተረፈው ባንክ በ12 በመቶ ብሔራዊ ባንክ ዘንድ ማሳደር ይችላል። የጎደለው ደግሞ በ18 በመቶ መበደር ይችላል፣ የግምጃ ቤት ሰነድ አስይዞ። 12 ወለል፣ 18 ጣሪያ ማለት ነው። ባንክ ለባንክ ሲበዳደሩ ከዚህ ክልል ብዙም አይወጡም፣ ምክንያቱም ከ12 በታች የሚያበድር፣ ከ18 በላይ የሚበደር ሞኝ የለም። እርግጥ ጣሪያው የሚሠራው የሚያስይዘው ሰነድ ላለው ነው። ሰነዱን የጨረሰ ባንክ ከ18 በላይም ሊለምን ይችላል።

እኔ ግን ለምን 15 አልከፍልም? ባንኩ በላዬ ላይ እያተረፈ ነው?

ያተርፋል፣ ግን ልዩነቱ ሁሉ ትርፍ አይደለም። እንዲመች ክብ ቁጥር ይዘን እናስላው። ባንኩ ከአንድ ቆጣቢ 100 ብር ተቀበለ እንበል። 10 ብሩን ለግዴታ መጠባበቂያና ለካዝና አስቀመጠ፣ 90 ብሩን አበደረ። ለቆጣቢው 7 ብር ወለድ ይከፍላል። ለቅርንጫፍ ኪራይ፣ ለደመወዝ፣ ለጥበቃ፣ ለኔትወርክ 4 ብር ወጣ። 11 ብር ወጪ አለበት ማለት ነው፣ ይህንን የሚያገኘው ግን ከ90 ብሩ ብቻ ነው። 11ን ለ90 ስናካፍል 12.2 በመቶ ይሆናል። ይህ ሳያተርፍ ሳይከስር የሚወጣበት ነው። በዚያ ላይ ሳይመለስ የሚቀር ብድር አለ፣ ግብር አለ፣ የባለአክሲዮን ድርሻ አለ። 16 እና 18 የሚመጣው እንዲህ ነው።

በስሌቱ ውስጥ የፖሊሲ ወለዱ የት አለ? አልታየም አይደል? ነገሩ እዚህ ላይ ነው። የኛ ሰው ተራ የቁጠባ ደብተር ከ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ ዝቅተኛው ወለዱ 7 በመቶ ነው፣ ብሔራዊ ባንክ 15 ቢልም እሱ አልተነቃነቀም። የሚነቃነቀው ትልልቁ ተቀማጭ ነው። 200 ሚሊዮን ብር ያለው ድርጅት ባንኩ ጋ ቁጭ ብሎ ይደራደራል። «አንተ የኔን ገንዘብ ወስደህ ብሔራዊ ባንክ ዘንድ 15 ታገኝበታለህ፣ ለኔ ስንት ትሰጠኛለህ?» ይላል። የጊዜ ገደብ ተቀማጭ ወለድ በዚህ መንገድ ይወጣል። ብዙ እንዲህ ያለ ውድ ተቀማጭ የያዘ ባንክ ወጪው ከ7 ብር ወደ 10 ወይም 11 ብር ሲጠጋ ብድሩንም ያስወድዳል። በአብዛኛው በትናንሽ ቆጣቢ ላይ የቆመ ባንክ ግን ለወራት ሳይነካው ሊቆይ ይችላል። ለዚህ ነው በአንድ ከተማ ውስጥ ሁለት ባንኮች በሦስት ነጥብ የሚለያዩት።

የፖሊሲ ወለዱ ቢቀየር የኔ ብድር መቼ ይቀየራል?

የባንክ ለባንኩ ወለድ በቀናት ውስጥ ይሰማል። የድርድር ተቀማጩ ውሉ ሲያልቅ ነው፣ ማለትም ከሦስት ወር እስከ ዓመት። አዲስ ብድር ከዚያ በኋላ ይከተላል። ነባር ብድራችሁ ደግሞ ውሉን ማየት ነው። ብዙ ውል ላይ «ባንኩ ወለዱን ሊያሻሽል ይችላል» የምትል ዐረፍተ ነገር አለች። ካለች ቀድሞ የተበደራችሁትም ይጨምራል። እባካችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ፈልጓት።

አንድ ልብ የምትሉት ነገር፦ ወደ ላይ ሲሆን ቶሎ ይደርሳል፣ ወደ ታች ሲሆን ይዘገያል። ባንክ ወለድ ለመቀነስ የሚቸኩለው ሌላው ባንክ ደንበኛውን ሲነጥቀው ነው። በትናንሽ ከተሞቻችን ያ ፉክክር ገና ጠንካራ አይደለም።

ብድሬ ፀድቋል፣ ገንዘቡ ግን አይለቀቅም። ለምን?

የቢቸናው ሰውዬ ጉዳይ ይህ ነው፣ ከሁሉም በላይ ልታውቁት የሚገባውም ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

በኛ አገር ከወለዱ ጎን ለጎን የብድር ጣሪያ ተጥሏል። ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ላይ ብሔራዊ ባንክ አንድ ባንክ ብድሩን በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያሳድግ ወሰነ። በኋላ ወደ 18፣ በ2018 መጀመሪያ ደግሞ ወደ 24 በመቶ ከፍ አደረገው። የዋጋ ንረቱን ለማርገብ ነው።

በቁጥር እንየው። አንድ ባንክ ሰኔ መጨረሻ ላይ ሰው እጅ ያለ 10 ቢሊዮን ብር ብድር አለው እንበል። በ24 በመቶ ጣሪያ በዓመቱ 2.4 ቢሊዮን ብር መጨመር ይችላል። የሚቆጠረው የተጣራው ነው። በዓመቱ ውስጥ ተበዳሪዎች 1 ቢሊዮን ቢመልሱ ባንኩ በጠቅላላ 3.4 ቢሊዮን አዲስ ብድር መስጠት ይችላል። ካዝናው ውስጥ ሌላ 5 ቢሊዮን ቢኖረው እንኳን ከዚያ ማለፍ አይችልም። ኮታው የሚከፋፈለው ደግሞ ዋና መሥሪያ ቤት ነው። አስመጪውና ላኪው አስቀድመው ወረፋ ይዘዋል። የወረዳ ቅርንጫፍ ጋ ሲደርስ የቀረው ትንሽ ነው።

እንግዲህ ወደ ነጋዴው እንመለስ። 500 ሺህ ብር ጠይቋል። ኩንታሉን በ12,500 ብር ቢገዛ 40 ኩንታል ጤፍ ነው። በ18 በመቶ ለሦስት ወር ወለዱ 22,500 ብር ይሆናል። ለአንድ ኩንታል 562 ብር ከ50 ሳንቲም። ወለዱ ወደ 20 በመቶ ቢወጣስ? 25,000 ብር፣ በኩንታል 625 ብር። ልዩነቱ በኩንታል 62 ብር ከ50 ሳንቲም ነው፣ በጠቅላላው 2,500 ብር። ያማል፣ ግን ንግዱን አይዘጋውም። አሁን ደግሞ ወለዱ እዛው 18 ሆኖ ገንዘቡ ከጥር ወደ መጋቢት ዘገየ እንበል። ገበሬው በብዛት የሚሸጥበት ወቅት አለፈ፣ ኩንታሉ 500 ብር ጨመረ። በ40 ኩንታል 20,000 ብር ነው። መዘግየቱ ከወለድ ጭማሪው ስምንት እጥፍ ጎዳው።

ሰውዬው ስለ ወለዱ ሳይሆን ስለ መዘግየቱ ነበር የተናደደው። ስሌቱ ልክ ነበር።

ጣሪያው ካለ የፖሊሲ ወለዱ ምን ይሠራል?

በከፊል ነው የሚሠራው። ጣሪያው የነካው ባንክ ገንዘብ ቢረክስለትም ሊያበድር አይችልም። ነገ ብሔራዊ ባንክ 15ቱን ወደ 12 ቢያወርደው ያ ባንክ ለቢቸናው ነጋዴ አንዲት ብር አይጨምርም። የተረፈውን ወስዶ ጨረታው ላይ ያስቀምጣል ወይ የግምጃ ቤት ሰነድ ይገዛል። ወረፋ እስካለ ድረስም ወለድ ለመቀነስ የሚያስገድደው የለም። ወለዱ ሙሉ በሙሉ ሊሰማ የሚችለው ጣሪያው ሲነሳ ወይም ከባንኮቹ አቅም በላይ ሲሆን ነው። ብሔራዊ ባንክም ቀስ በቀስ በወለድ ብቻ ወደ መቆጣጠር እሄዳለሁ ይላል። በኔ እይታ ትክክለኛው መንገድ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ጣሪያ ጎበዙን ነጋዴና ሰነፉን ሳይለይ ነው የሚዘጋው፣ በዚያ ላይ መጀመሪያ የሚጎዳው ራቅ ያለው ነው። ጣሪያውን በአንድ ቀን ማንሳት ግን ሌላ አደጋ አለው፣ እሱን ለመረዳት ገንዘብ እንዴት እንደሚፈጠር ማየት ያስፈልጋል።

ባንክ የሚያበድረው እኛ የቆጠብነውን አይደለም እንዴ? ብድር እንዴት ብር ይጨምራል?

ነጋዴው ብድሩ የተለቀቀለት ቀን የሆነውን በዓይናችሁ ተመልከቱ። ኦፊሰሯ ኮምፒውተሩ ላይ በነጋዴው ሒሳብ 500,000 ብር መዘገበች። ስልኩ ላይ መልእክት ገባለት። በዚያች ደቂቃ የማንም ቆጣቢ ደብተር በአንድ ሳንቲም አልቀነሰም። የእናንተ ቁጠባ እንዳለ ነው፣ የሱ ሒሳብ ደግሞ 500 ሺህ ጨመረ። አገር ውስጥ ያለው ገንዘብ በ500 ሺህ ብር አደገ። የገንዘብ አቅርቦት ሲባል ሰው እጅ ያለው ጥሬ ብርና ባንክ ያለው ተቀማጭ ድምር ነው፣ አብዛኛው ክፍል ደግሞ የሚፈጠረው በዚህ ዓይነት ነው። ማተሚያ ቤት አልገባበትም።

ታዲያ ባንክ ያለ ገደብ መፍጠር ለምን አይችልም? ቀጥሎ ያለውን እዩ። ነጋዴው 200 ሺውን ጥሬ ብር አወጣ፣ ገጠር ገብቶ ለሚገዛው። 200 ሺውን ሌላ ባንክ ደብተር ላላቸው ገበሬዎች አስተላለፈ። 100 ሺው እዚያው ባንክ ሒሳብ ላላቸው ገባ። የመጨረሻው ምንም ችግር የለውም። 400 ሺው ግን ከባንኩ ወጥቷል። ጥሬ ብሩን ከካዝና ነው የሰጠው፣ ለሌላው ባንክ ደግሞ ብሔራዊ ባንክ ካለው ሒሳቡ ነው የከፈለው። ይህን ጉድለት መሙላት አለበት፦ ወይ ተቀማጭ በመሳብ፣ ወይ ከሌላ ባንክ በ15 ግድም በመበደር፣ ወይ በ18ቱ በር በመግባት። የፖሊሲ ወለዱ ጉልበት እዚህ ጋ ነው። ባንኩ ብድር ከመስጠቱ በፊት «የሚወጣውን 400 ሺህ በስንት ነው የምተካው?» ብሎ ያሰላል። ውድ ከሆነ የሚያበድረውን ያስወድዳል፣ ወይም ያነሰ ያበድራል።

ግንቦት ላይ ነጋዴው ሸጦ ሲከፍል ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል። 500 ሺው ከሒሳቡ ይሰረዛል፣ ብድሩም ይሰረዛል። ያ ገንዘብ ጠፋ። አዲስ ብድር ከሚመለሰው ሲበልጥ ገንዘቡ ያድጋል፣ ሲያንስ ይቀንሳል። ጣሪያው በአንድ ቀን ቢነሳ የሚፈራው ይህ ነው። ሁሉም ባንክ በአንድ ጊዜ ሲጽፍ ብሩ ከጤፉ ቀድሞ ይበዛል።

እኛ ጋ ገበሬው ጥሬ ብር ነው የሚይዘው። ይሄ ለውጥ ያመጣል?

በደንብ። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት አዝመራው ሲሸጥ ብሩ ከቅርንጫፍ ወጥቶ ወደ ቤት ይገባል። ቤት ያለው ብር ለባንኩ መጠባበቂያ አይሆንም። ስለዚህ በነዚህ ወራት «ዛሬ ከ50 ሺህ በላይ አንከፍልም» የሚል ቅርንጫፍ ብታዩ አይግረማችሁ። ባንኩ ከስሯል ማለት አይደለም፣ ጥሬ ብሩ ወጥቶ አልተመለሰም ማለት ነው። ገበሬው በስልክ መቀበል ሲለምድ ግን ያው ብር ከአንዱ ባንክ ወደ ሌላው ይዞራል እንጂ ከባንኮች አይወጣም፣ እጥረቱም ይቀላል።

ወለዱ ጨምሮ፣ ጣሪያው ተጥሎ፣ ኑሮ ለምን አልረከሰም?

የዋጋ ንረት ሲቀንስ ዋጋ ወረደ ማለት አይደለም፣ የሚጨምርበት ፍጥነት ቀነሰ ማለት ነው። 2015 ላይ በዓመት ከ25 በመቶ በላይ ይጨምር ነበር፣ ሰኔ 2017 ላይ ወደ 14 ግድም ወርዷል። 14ም ጭማሪ ነው።

በዚያ ላይ ወለድ የማይደርስባቸው ነገሮች አሉ። ማዳበሪያ ሲዘገይ፣ መንገድ ሲዘጋ፣ ከደጀን ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና ሲያጣ ዋጋው ይወጣል። 15ን 25 ብታደርገው መንገዱን አይከፍተውም። ሌላው መንግሥት ነው። መንግሥት በቀጥታ ከብሔራዊ ባንክ ሲበደር አዲስ መጠባበቂያ ገንዘብ ይፈጠራል፣ ያንን በጨረታ መልሶ ለመሰብሰብ ብዙ ልፋት ይጠይቃል። ለዓመታት ንረቱን ያቀጣጠለው አንዱ ይህ ነበር፣ አሁን በሕግ ተገድቧል። ብሔራዊ ባንክ ወርቅ ሲገዛም ለአምራቹ ብር ይከፍላል፣ እሱም አዲስ ብር ነው። ጨረታውን የምናየው አንዱ ምክንያት ይህንን ለመምጠጥ ነው።

ቁጠባዬ ላይ 7 በመቶ ማግኘት ይጠቅመኛል?

100 ሺህ ብር አስቀምጣችሁ ዓመቱን 107 ሺህ አገኛችሁ። በ14 በመቶ ንረት ባለፈው ዓመት 100 ሺህ ያወጣ የነበረው ዕቃ 114 ሺህ ሆኗል። 7 ሺህ ብር ጎደላችሁ። ወለዱ ከንረቱ በታች እስከሆነ ድረስ ሰው ብር ከሚይዝ በሬ፣ ቆርቆሮ ወይም ጤፍ መያዝ ይመርጣል፣ ባንኩም ተቀማጭ ያጥረዋል። የፖሊሲ ወለዱ 15 ላይ ሆኖ ንረቱ ከሱ በታች ሲወርድ ባንኮች ጥቅሙን አይተዋል። ትንሹ ቆጣቢ ገና አላየውም። ይህ መስተካከል ያለበት ነገር ነው። ከፍ ያለ ገንዘብ ያላችሁ ግን የጊዜ ገደብ ተቀማጭ ተደራደሩ፣ ተራ ደብተር ላይ አትተዉት። ሦስት አራት ሆናችሁ በማኅበር ብታስቀምጡም ለመደራደር አቅም ይሰጣችኋል።

ባንክ ስሄድ ምን ልጠይቅ?

ወለዱን ብቻ አትጠይቁ። መጀመሪያ «ከፀደቀ በኋላ መቼ ይለቀቃል፣ የሩብ ዓመቱ ኮታ አለ ወይ?» በሉ። «ፀድቋል፣ ዋና መሥሪያ ቤት እየጠበቅን ነው» ካሏችሁ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ጣሪያው ወይም የጥሬ ገንዘብ እጥረት ነው። ሁለቱን ለመለየት ቀላል ነው፦ ያው ቅርንጫፍ ወጪ ያለችግር እየከፈለ ብድር ብቻ ከከለከለ ጣሪያው ነው፣ ወጪም እየገደበ ከሆነ እጥረቱ ነው። ጣሪያው ከሆነ ሌላ ባንክ መሞከር ያዋጣል፣ የሁሉም ኮታ በአንድ ቀን አያልቅምና። እጥረቱ ከሆነ ከአዝመራው ወራት ቀድማችሁ፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ጠይቁ። የቢቸናው ሰውዬ በሚቀጥለው ዓመት ማመልከቻውን መስከረም ላይ አስገባለሁ ብሎኛል።